የመድን ውል በአንድ ገጽ፦ የሚከፈለው፣ የማይከፈለው እና ቀነ ገደቡ

የመድን ፖሊሲ አንድ ወጥ ጽሑፍ አይደለም፤ በተለያየ ጊዜና በተለያየ እጅ የተዘጋጁ ወረቀቶች ጥራዝ ነው። ከፊት ያለው ስኬጁል የሚባለው ገጽ ለዚያ ደንበኛ ብቻ የተሞላ ሲሆን የመድን ገቢውን ስም፣ አድራሻውን፣ የተሸፈነውን ንብረት፣ የመድን ገንዘቡን፣ አረቦኑንና ውሉ የሚጀምርበትንና የሚያበቃበትን ቀን ይይዛል። ከስኬጁሉ ቀጥሎ ኩባንያው ለሁሉም ደንበኞቹ የሚሰጠው የታተመ ውል ይመጣል። ይህ ክፍል ምን እንደሚሸፈን፣ ምን እንደማይሸፈን፣ ቃላቱ ምን ማለት እንደሆኑና መድን ገቢው ምን ግዴታ እንዳለበት ይዘረዝራል። ከኋላ ደግሞ ኢንዶርስመንት የተባሉ ተጨማሪ ወረቀቶች ይለጠፋሉ። እነዚህ የታተመውን ውል ያሰፋሉ፣ ያጠባሉ ወይም ይለውጣሉ፤ ሁለቱ ሲጋጩም እንደ ልማዱ የሚጸናው ኢንዶርስመንቱ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ያለ መካከለኛ ድርጅት እንዲህ ያለ ጥራዝ አምስት ስድስት ይኖረዋል፦ የተሽከርካሪ፣ የእሳትና መብረቅ፣ የስርቆት፣ የገንዘብ፣ የሠራተኛ ታማኝነት፣ የሠራተኞች ጉዳት ካሳ። ብዙዎቹ በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው። ሰኞ ጠዋት በሩ ተሰብሮ ሲገኝ ስልክ የሚደወልለት የቢሮ ኃላፊ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ውሉን የተደራደረው ሰው አይደለም። ለእርሱ የሚጠቅመው ሦስት ጥያቄዎችን በደቂቃዎች ውስጥ የሚመልስ ሠንጠረዥ ነው። ይህ ጉዳት ይሸፈናል ወይ? ሽፋኑን የሚያሳጣ ነገር አለ ወይ? ለማን፣ በምን መልክ፣ እስከ መቼ ማሳወቅ ያስፈልጋል?

ሠንጠረዡን የሚያዘጋጅ ሰው ጥራዙን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው በተራ ካነበበ ለስሕተት ይጋለጣል። የሚሻለው ስኬጁሉን አንብቦ በቀጥታ ወደ ኢንዶርስመንቶቹ ማለፍ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የታተመው ውል ገጽ 5 ላይ «የጎርፍ ጉዳት አይሸፈንም» ብሎ ሊጽፍ፣ ከኋላ የተለጠፈው ወረቀት ደግሞ ተጨማሪ አረቦን ተከፍሎበት ጎርፍን መልሶ ሊያስገባ ይችላል። ገጽ 5ን ብቻ ያየ ሰው ድርጅቱ የከፈለበትን ሽፋን ከሠንጠረዡ ይሰርዘዋል። ከዚህ በኋላ የሽፋኑ አንቀጽ፣ የማይሸፈኑት ዝርዝር፣ የቃላት ትርጓሜና በመጨረሻም የግዴታዎቹ ክፍል ይነበባል። የቃላት ትርጓሜውን ብዙ ሰው እንደ መግቢያ ጽሑፍ አይቶ ይዘለዋል። ነገር ግን ትልልቆቹ ገደቦች የተቀመጡት እዚያ ነው።

የስርቆት ፖሊሲ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። በአማርኛ የሰው ንብረት ያለ ፈቃድ ተወስዶ ሲገኝ በጥቅሉ «ተሰረቀ» ይባላል። የመድን እንግሊዝኛ ግን ሦስት ነገሮችን ይለያል። ቴፍት ማንኛውም ስርቆት ነው። በርግላሪ ወደ ተዘጋ ቤት በኃይል ሰብሮ በመግባት ወይም ሰብሮ በመውጣት የሚፈጸመው ነው። ሮበሪ ደግሞ በሰው ላይ ኃይል ወይም ማስፈራሪያ በመጠቀም የሚፈጸም ዝርፊያ ነው። ለቢሮ የሚሸጠው የተለመደ ፖሊሲ የሚሸፍነው ሁለተኛውን ነው። ስለዚህ በሥራ ሰዓት እንደ እንግዳ ገብቶ ከጠረጴዛ ላይ ላፕቶፕ አንሥቶ የወጣ ሰው ያደረሰው ጉዳት፣ የተሰበረ በር ወይም መስኮት ስለሌለ፣ በዚህ ፖሊሲ አይካስም። ሠንጠረዡ በሽፋን ዓምዱ ውስጥ «ስርቆት» ብሎ ካለፈ ገደቡ ጠፍቷል፤ የቢሮ ኃላፊውም ስለ ቀኑ ላፕቶፕ የካሳ ጥያቄ ሊያቀርብ ይሮጣል። ትክክለኛው አጻጻፍ «ሰብሮ በመግባት ወይም በመውጣት የተፈጸመ ስርቆት፤ በር፣ መስኮት ወይም ግድግዳ ላይ የሚታይ የኃይል ምልክት ያስፈልጋል» የሚል ነው። ረዘም ቢልም ተቀባይነት አለው። ሠንጠረዥን ለማሳጠር ሲባል የሚቆረጡት ቃላት ብዙውን ጊዜ ገንዘብ የሚያስወጡት ናቸው።

የማይሸፈኑት ዓምድም የራሱ ወጥመድ አለው። ብዙ ውሎች አንድን ነገር ከሽፋን ካስወጡ በኋላ «ይሁን እንጂ» ብለው ከፊሉን ይመልሱታል። በእሳት ፖሊሲ ውስጥ የሚገኘው የኤሌክትሪክ አንቀጽ እንዲህ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኃይሉ ጨምሮ ፎቶ ኮፒ ማሽኑን ቢያቃጥለው፣ በራሱ በማሽኑ ላይ የደረሰው ጉዳት አይሸፈንም። ከማሽኑ የተነሣ እሳት መጋረጃውንና መደርደሪያውን ቢበላ ግን የሌላው ንብረት ጉዳት ይሸፈናል። ሠንጠረዡ «የኤሌክትሪክ ጉዳት አይሸፈንም» ብሎ ካቆመ ግማሹን ውል ጥሏል። ኃላፊውም የተቃጠለውን መደርደሪያ ሳይጠይቅ ሊቀር ነው። ስለዚህ «በቀር»፣ «ካልሆነ»፣ «ይሁን እንጂ» የሚሉ ቃላት በተገኙበት ሁሉ አንቀጹ እስከ መጨረሻው ነጥብ ድረስ መነበብና ሁለቱም ጎኖቹ በሠንጠረዡ መግባት አለባቸው።

ከማይሸፈኑት ጋር ፈጽሞ መቀላቀል የሌለበት ሌላ ነገር አለ፤ የመድን ገቢው ግዴታ። የማይሸፈን ነገር ስለ አደጋው ዓይነት ይናገራል፤ ጦርነት፣ እርጅና፣ የራስ ሠራተኛ ስርቆት። ግዴታ ግን ስለ ድርጅቱ አሠራር ይናገራል። ሌሊት ጥበቃ ይኖራል፣ የእሳት ማጥፊያው በየጊዜው ይመረመራል፣ ካዝናው ይቆለፋል፣ ቁልፉ ከሥራ ሰዓት ውጪ በቢሮው አይቀመጥም የሚሉት ግዴታዎች ናቸው። ዋራንቲ የሚባለው ጥብቅ ግዴታ ሲጣስ ኩባንያው የካሳ ጥያቄውን ላለመቀበል ምክንያት ያገኛል። ለቢሮ ኃላፊ ከሠንጠረዡ ሁሉ ዕለት ተዕለት የሚጠቅመው ይህ ዓምድ ሳይሆን አይቀርም። ሌሎቹ ዓምዶች የሚነበቡት አደጋ ከደረሰ በኋላ ሲሆን ይህኛው የሚነበበው ከመድረሱ በፊት ነው። ጥበቃው ሥራ ሲለቅ፣ ቢሮው ለበዓል ሁለት ሳምንት ሲዘጋ፣ ዕቃ ወደ ሌላ ፎቅ ሲዛወር ኃላፊው ዓምዱን አይቶ ለኩባንያው በጽሑፍ ሊያሳውቅ ይችላል።

ከሁሉም ዓምዶች ብዙ ስሕተት የሚታየው በቀነ ገደቡ ላይ ነው። አንድ ፖሊሲ ውስጥ አንድ ቀነ ገደብ ብቻ አይገኝም። ቢያንስ ሦስት አሉ፤ እያንዳንዳቸውም ከተለያየ ቀን መቆጠር ይጀምራሉ። የመጀመሪያው አደጋው መድረሱን የማሳወቂያ ጊዜ ነው። ሁለተኛው የካሳ ጥያቄውን ከነማስረጃው የማቅረቢያ ጊዜ ነው። ሦስተኛው ኩባንያው አልከፍልም ካለ ወደ ክስ ወይም ወደ ግልግል የመሄጃ ጊዜ ነው። ሦስቱን በአንድ ቁጥር ጠቅልሎ «30 ቀን» ብሎ የሚጽፍ ሠንጠረዥ ከሌለ ሠንጠረዥ የከፋ ነው፤ ኃላፊው ጊዜ እንዳለው ያምናልና።

በኢትዮጵያ ከውሉ በተጨማሪ ሕጉም ይናገራል። በ2013 ዓ.ም. አዲስ የንግድ ሕግ ቢወጣም ስለ ኢንሹራንስ የሚደነግገው የ1952ቱ የንግድ ሕግ ክፍል እንደጸና ነው። በዚህ ሕግ መሠረት መድን ገቢው ካሳ የሚያስከፍል አደጋ መድረሱን እንዳወቀ፣ ቢዘገይ እስከ 5 ቀን ድረስ፣ ለኢንሹራንስ ሰጪው ማሳወቅ አለበት። ከኢንሹራንስ ውል የሚነሣ ክስ ደግሞ በ2 ዓመት ይርጋ ይታገዳል። ፖሊሲው ከዚህ የተለየ ጊዜ ሲጽፍ የትኛው ይጸናል የሚለው የጠበቃ ጥያቄ ነው። ሠንጠረዡ ክርክሩን አይፈታም። ከሁለቱ አጭሩን ይጽፍና ረጅሙን በግርጌ ያስታውሳል። አጭሩን ያከበረ ሰው በሁለቱም ዘንድ አይጠየቅም።

ብዙ ፖሊሲ ደግሞ ቁጥር ሳይጽፍ «ወዲያውኑ» ይላል። ይህን ቃል እንዳለ ወደ ሠንጠረዡ መገልበጥ ለኃላፊው ምንም አይነግረውም፤ ወደ 5 ቀን መቀየርም ውሉ ያልሰጠውን ጊዜ መስጠት ይሆናል። የሚሻለው የውሉን ቃል አስቀምጦ ከጎኑ የቢሮውን የሥራ ደንብ መጻፍ ነው፦ «ውሉ ‹ወዲያውኑ› ይላል፤ በታወቀበት ቀን ስልክ፣ በማግስቱ ደብዳቤ»። ደብዳቤው መጠቀሱ ያለ ምክንያት አይደለም። ውሉ ማስታወቂያው በጽሑፍ እንዲሆን ሲጠይቅ፣ ለደላላው ወይም ለሚያውቁት የኩባንያ ሠራተኛ መደወል ብቻውን ግዴታውን አይፈጽምም። ደብዳቤው ገቢ የተደረገበት ማኅተምና ቁጥር ያለው ቅጂ በፋይል መያዝ አለበት።

የቀን አቆጣጠሩ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ፖሊሲው ላይ ያለው ቀን ብዙውን ጊዜ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ቢሮው የሚሠራው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። በፈረንጆች 30/06/2026 የሚያበቃ ውል በእኛ ሰኔ 23 ቀን 2018 ያበቃል። ሠንጠረዡ «30/06» የሚለውን ብቻ ከገለበጠ፣ የበጀት ዓመቱ የሚዘጋው ሰኔ 30 ስለሆነ አንባቢው ያለ ጥርጣሬ ሰኔ 30 ብሎ ያነበዋል። ከሰኔ 24 እስከ 30 ያለው አንድ ሳምንት ያለ ሽፋን ይቀራል። ሰዓቱም እንደዚሁ ነው። ውሉ ከቀኑ 4፡00 ላይ ያበቃል ሲል በእኛ አነጋገር ከቀኑ 10 ሰዓት ማለቱ ነው። ስለዚህ በሠንጠረዡ ውስጥ ማንኛውም ቀን በሁለቱም አቆጣጠር፣ ወሩ በቃል ተጽፎ መቀመጥ ይኖርበታል።

ከሦስት ፖሊሲዎች የወጣ ሠንጠረዥ ምን እንደሚመስል ከታች ቀርቧል። ድርጅቱም ቁጥሮቹም ለማስረጃ የተወሰዱ ናቸው፤ እያንዳንዱ ኩባንያ የራሱ ቃልና የራሱ ገደብ አለው።

| ፖሊሲ | የሚሸፈነው | የማይሸፈነው | የድርጅቱ ግዴታ | ቀነ ገደብ | ምንጭ |
|---|---|---|---|---|---|
| ስርቆት፤ የመድን ገንዘብ 1,200,000 ብር፤ ኤክሰስ ከካሳው 10%፣ ቢያንስ 5,000 ብር | በኃይል ሰብሮ በመግባት ወይም በመውጣት ከሦስተኛ ፎቅ ቢሮ የተወሰደ ዕቃ | ጥሬ ገንዘብ፤ በድርጅቱ ሠራተኛ ወይም በእርሱ ተባባሪነት የተፈጸመ ስርቆት | ሌሊት ጥበቃ፤ ከ7 ተከታታይ ሌሊት በላይ ቢሮው ባዶ ከሆነ ማሳወቅ | ለፖሊስና ለኩባንያው ወዲያውኑ፤ ዝርዝር ጥያቄ ጉዳቱ ከደረሰበት በ14 ቀን | ገጽ 3፣ 4፣ 7 |
| ገንዘብ፤ በካዝና 100,000 ብር፣ በጉዞ 200,000 ብር | ወደ ባንክ ሲወሰድ ወይም ከባንክ ሲመጣ፤ ከሥራ ሰዓት ውጪ በተቆለፈ ካዝና ውስጥ ያለ | የቆጠራ ስሕተት፤ ሰው በሌለበት መኪና የተተወ፤ በቢሮው በተተወ ቁልፍ የተከፈተ ካዝና | ገንዘብ የሚያጓጉዙ ሁለት ሰዎች | ወዲያውኑ፤ ዝርዝር በ7 ቀን | ገጽ 2፣ 5፤ ኢንዶርስመንት 1 |
| የሠራተኛ ታማኝነት፤ በአንድ ሠራተኛ 150,000 ብር | በስኬጁሉ የተዘረዘሩ ሠራተኞች በማጭበርበር ወይም በስርቆት ያደረሱት ጉዳት | ሠራተኛው ከለቀቀ 6 ወር ካለፈ በኋላ የተደረሰበት ጉድለት | በየወሩ የካዝና ቆጠራ | ከተደረሰበት ቀን ጀምሮ በ10 ቀን | ገጽ 2፣ 6 |

የመጨረሻው ዓምድ ለጌጥ የገባ አይደለም። ሠንጠረዡ ውሉን አይተካም፤ ክርክር ሲነሣ የሚነበበው ውሉ ነው። ገጹ የተጻፈበት ሣጥን ግን አንባቢውን በአንድ ደቂቃ ወደ ዋናው ቃል ይመልሰዋል። የገጽ ቁጥር ያልተገኘለት ሣጥን ደግሞ ከአዘጋጁ ትዝታ ወይም ካለፈው ዓመት ፖሊሲ የመጣ ሊሆን ስለሚችል ባዶ መተው ይሻለዋል።

ሠንጠረዡ በሥራ ላይ እንዴት እንደሚነበብ በአንድ ጉዳይ ማየት ይቻላል። ይኸው ድርጅት ቅዳሜ ጥቅምት 8 ቀን 2018 ሌሊት ተሰበረ እንበል። ሰኞ ጥቅምት 10 ጠዋት ኃላፊዋ ስትደርስ የበሩ ቁልፍ ተፈልቅቋል፣ ስድስት ላፕቶፖች የሉም፣ የገንዘብ ያዡ መሳቢያ ተከፍቶ 45,000 ብር ተወስዷል። ከሠንጠረዡ የመጀመሪያ ረድፍ ሁለት ነገር ታገኛለች፤ በሩ ላይ የኃይል ምልክት ስላለ ላፕቶፖቹ ሊሸፈኑ ይችላሉ፣ ጥሬ ገንዘቡ ግን በዚህ ፖሊሲ አይካተትም። ለገንዘቡ ወደ ሁለተኛው ረድፍ ትወርዳለች። እዚያም ከሥራ ሰዓት ውጪ የሚሸፈነው በተቆለፈ ካዝና ውስጥ ያለው ብቻ ነው፤ መሳቢያ ካዝና አይደለም። 45,000 ብሩ የድርጅቱ ኪሳራ ሆኖ ይቀራል። ይህን በመጀመሪያው ሰዓት ማወቋ ዋጋ አለው፤ የማይከፈለውን ገንዘብ ከላፕቶፖቹ ጋር ቀላቅላ ማቅረቡ ጥያቄውን ያወሳስበዋልና።

ቀጥሎ ቀኖቹን ትቆጥራለች። ለፖሊስና ለኩባንያው የሚሰጠው ማስታወቂያ በዚያው ሰኞ መውጣት አለበት፤ የሕጉ 5 ቀን ካወቀችበት ከጥቅምት 10 ጀምሮ ሲቆጠር ጥቅምት 15 ያበቃል። ዝርዝሩ ጥያቄ ግን የሚቆጠረው ከታወቀበት ቀን አይደለም፤ ውሉ «ጉዳቱ ከደረሰበት» ይላል። ስለዚህ 14ቱ ቀን የሚጀምረው ከቅዳሜው ከጥቅምት 8 ነው፤ የሚያበቃውም ቅዳሜ ጥቅምት 22 ነው። ከሰኞው የቆጠረ ሰው ጥቅምት 24 ብሎ ሁለት ቀን ይዘገያል። ጥቅምት 22 ደግሞ ቅዳሜ ስለሆነ የኩባንያው መዝገብ ቤት ሊዘጋ ይችላል፤ ለቢሮው እውነተኛው የመጨረሻ ቀን ዓርብ ጥቅምት 21 ነው። ለዚህ ነው በቀነ ገደብ ዓምድ ውስጥ ከቁጥሩ እኩል «ከመቼ ጀምሮ» የሚለው መጻፍ ያለበት።

የሚጠበቀው ካሳ መጠንም ከዚያው ረድፍ ይወጣል፤ ሆኖም ብዙ ሰው የሚያዝነው እዚህ ላይ ነው። ላፕቶፖቹ በወቅቱ ገበያ ባሉበት ሁኔታ እያንዳንዳቸው 50,000 ብር፣ በድምሩ 300,000 ብር ያወጣሉ እንበል። በመድኑ የተመዘገበው የቢሮ ዕቃ 1,200,000 ብር ነው፤ ገማቹ ሲመጣ ግን በቢሮው ያለው ዕቃ ሁሉ 2,000,000 ብር የሚያወጣ ሆኖ ተገኘ። ድርጅቱ ከንብረቱ 60 በመቶውን ብቻ መድን ገብቷል ማለት ነው። ውሉ ውስጥ የተመጣጣኝ ካሳ አንቀጽ ካለ ኩባንያው የሚከፍለው የጉዳቱን 60 በመቶ፣ 180,000 ብር ይሆናል። ከዚህ ላይ 10 በመቶ ኤክሰስ፣ 18,000 ብር፣ ሲቀነስ 162,000 ብር ይቀራል። የጠፋው ዕቃ ከመድን ገንዘቡ በብዙ ያነሰ መሆኑ ድርጅቱን ከዚህ ቅነሳ አላዳነውም። የዕቃ ዋጋ በፍጥነት በሚጨምርበት ጊዜ የሦስት ዓመት ግምት ይዞ ማደስ ወደዚህ ያደርሳል። ስለዚህ የተመጣጣኝ ካሳ አንቀጽ ያለበት ፖሊሲ በሠንጠረዡ ላይ ምልክት ሊደረግበትና የመድን ገንዘቡ መቼ እንደተገመተ በአጠገቡ ሊጻፍ ይገባል።

ጉዳዩ በሌላ መንገድ ሊሄድም ይችል ነበር። የፖሊስ ማስረጃው በሩ እንዳልተሰበረና በቁልፍ እንደተከፈተ ቢገልጽ፣ የመጀመሪያው ረድፍ ከሥሩ ይፈርሳል፤ የኃይል ምልክት የለም። የተጠረጠረው ሠራተኛ ከሆነ ደግሞ የማይሸፈነው ዓምድ ራሱ ያስወጣዋል። ኃላፊዋ ያኔ ወደ ሦስተኛው ረድፍ ትወርዳለች። የስርቆት ፖሊሲው የተወውን የታማኝነት ፖሊሲው ያነሣዋል፤ የሚያነሣው ግን ተጠርጣሪው በስኬጁሉ ከተዘረዘሩት አንዱ ከሆነ ነው። ብዙ ድርጅት ገንዘብ ያዡንና የሂሳብ ሹሙን አስመዝግቦ ቁልፍ የያዘውን የጽዳት ሠራተኛና የጥበቃ ተወካይ ይረሳል። የቀን ቆጠራውም እዚህ ይለወጣል፤ ጉዳቱ ከደረሰበት ሳይሆን ከተደረሰበት፣ 14 ሳይሆን 10 ቀን። ማን እንደወሰደው ገና ባልታወቀበት ሰኞ ጠዋት ለሁለቱም ፖሊሲዎች ማስታወቂያ መላክ ምንም አያስወጣም፤ አንዱን ብቻ መርጦ መጠበቅ ግን የሌላውን ቀን ሊያሳልፍ ይችላል።

ፖሊሲዎቹን ጎን ለጎን በአንድ ገጽ ማስቀመጥ ትልቁ ጥቅም የሚወጣውም ከዚህ ነው። የአንዱ ረድፍ የማይሸፈን ዓምድ በሌላው ረድፍ ሽፋን ውስጥ ተፈልጎ መገኘት አለበት። የስርቆት ፖሊሲው ያስወጣው ገንዘብ በገንዘብ ፖሊሲው ይገኛል፤ ያስወጣው ሠራተኛ በታማኝነቱ ይገኛል። በቀን ያለ ሰብሮ መግባት የተወሰደው ላፕቶፕ ግን በየትኛውም ረድፍ የለም። በኃይል መጨመር የተቃጠለው ፎቶ ኮፒ ማሽንም እንዲሁ ነው። እነዚህ ክፍተቶች እያንዳንዱ ፖሊሲ ለብቻው ሲነበብ አይታዩም። አዘጋጁ ከሠንጠረዡ ግርጌ «በየትኛውም ፖሊሲ ያልተሸፈነ» ብሎ ቢዘረዝራቸው ድርጅቱ በእድሳት ጊዜ ሁሉን አቀፍ የቢሮ ዕቃ ወይም የኤሌክትሮኒክስ መድን ይጠይቅ አይጠይቅ መወሰን ይችላል።

ሠንጠረዡ ለኃላፊው ከመሰጠቱ በፊት ሌላ ሰው ሊፈትሸው ይገባል፤ የጻፈው ሰው የራሱን ግድፈት ስለማያይ። ፈታሹ ከሠንጠረዡ ተነሥቶ እያንዳንዱን ሣጥን በተጠቀሰው ገጽ ላይ ይፈልጋል፤ ከዚያም ተገላቢጦሹን፣ ከውሉ ተነሥቶ እያንዳንዱ የማይሸፈንና እያንዳንዱ ግዴታ በሠንጠረዡ መግባቱን ያያል። ሁለተኛው ዙር አሰልቺ ቢሆንም የወደቁትን የሚያወጣው እርሱ ነው። ከዚህ ሌላ ሁለት ሦስት የታሰቡ አደጋዎችን ይዞ መሞከር ይቻላል። ሾፌሩ መንጃ ፈቃዱ ጊዜው አልፎበት ሳለ ቢጋጭ፣ ከላይኛው ፎቅ የፈነዳ ቧንቧ ኮምፒዩተሮቹን ቢያርስ፣ ገንዘብ ያዡ ከባንክ ሲመለስ በመንገድ ቢዘረፍ ሠንጠረዡ ምን ይመልሳል? መልሱ «ውሉን ማየት ያስፈልጋል» ብቻ ከሆነ ያ ረድፍ አላለቀም።

የተሽከርካሪ ፖሊሲ በዚህ ገጽ ውስጥ ለብቻው አንድ ተጨማሪ ሣጥን ይፈልጋል። አደጋ በደረሰበት ቦታ ሾፌሩ ጥፋቱን አምኖ እንዳይፈርም፣ ለሌላው ወገንም ካሳ እንደሚከፍል ቃል እንዳይገባ ውሉ ብዙውን ጊዜ ይከለክላል። ከተጎጂው የመጣ ደብዳቤ ወይም የፍርድ ቤት መጥሪያ መልስ ሳይሰጥበት ወዲያውኑ ለኩባንያው እንዲተላለፍም ይጠይቃል። ይህ ሣጥን ለቢሮ ኃላፊው ብቻ ሳይሆን በመኪናው ኪስ ውስጥም በአማርኛ መገኘት አለበት፤ ቦታው ላይ የሚቆመው ሾፌሩ ነው።

የሠንጠረዡ ራስጌ የተዘጋጀበትን ቀን፣ የፖሊሲዎቹን ቁጥርና የመጨረሻውን ኢንዶርስመንት ቁጥር ይይዛል። አዲስ ኢንዶርስመንት በመጣ ቁጥር የሚመለከተው ረድፍ ይታረማል፤ ቢሮው ቦታ ከለወጠ ደግሞ በስኬጁሉ ላይ ያለው አድራሻ እስኪለወጥ ድረስ በረድፉ ላይ «አድራሻ አልተስተካከለም» ተብሎ በቀይ ይጻፋል። በእድሳት ጊዜ ግን ያለፈውን ዓመት ሠንጠረዥ ቀኑን ብቻ ቀይሮ መጠቀም አይገባም። ኩባንያው የታተመውን ውል በአዲስ እትም ቀይሮት፣ የ14 ቀኑ ገደብ 7 ሆኖ፣ ወይም ኤክሰሱ ከፍ ብሎ ሊመጣ ይችላል። አዲሱ ጥራዝ እጅ በገባበት ሳምንት ከሰኔ 23 በፊት አዲሱና አሮጌው ጎን ለጎን ተነብበው የተለወጠው ሣጥን ይሠመርበታል፤ አሮጌው ሠንጠረዥ ግን አይጣልም። ባለፈው የውል ዘመን የደረሰ፣ ዘንድሮ የተደረሰበት ጉድለት የሚዳኘው እንደየፖሊሲው ቃል በአሮጌው ውል ሊሆን ስለሚችል ሁለቱ አብረው በፋይሉ ይቀመጣሉ።